ዐሥራ አራት ተኩል ጥያቄ

አንድ ተማሪ የፈተና ወረቀቱን ሲገልጥ የሚያውቀው ጥያቄ አንድም አጣ እንበል። ጥያቄዎቹ 48 ናቸው። እያንዳንዳቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ የተባሉ አራት ምርጫዎች አሏቸው፤ ትክክለኛው መልስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ተማሪው ባዶ ወረቀት ከማስረከብ ይሻላል ብሎ፣ ጥያቄውን ሳያነብ፣ እጁ እንደመራው አንድ አንዱን እያጠቆረ ጨረሰ። ስንት ያገኛል?

አማካዩን ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም። ከአራት ምርጫ አንዱን የሚመታ ሰው ከ48 ጥያቄ 12 ይመታል ተብሎ ይጠበቃል። ይሁንና 12 አማካይ ነው እንጂ ማንም የፈረመበት ውል አይደለም። እንዲህ እየገመቱ የሚሞሉ ብዙ ተማሪዎች ቢኖሩ አንዱ 9፣ አንዱ 13፣ የቀናው ደግሞ 17 ያገኛል። መምህሩን የሚያሳስበው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ምንም ሳያውቁ 15 እና ከዚያ በላይ የሚያገኙት ከመቶው ስንቱ ናቸው? ይህ ካልታወቀ በ15 ውጤት ፊት ለፊት የቆመው ልጅ ጥቂትም ቢሆን ያውቃል ወይስ ቀንቶት ነው የሚለውን መለየት አይቻልም።

ትክክለኛው መልስ የሚገኝበት መንገድ አለ፤ መንገዱ ባይኖሚያል ይባላል። አንድ ሙከራ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም፣ ውጤቱ መምታት ወይም መሳት ብቻ ሲሆን፣ የመምታቱ ዕድል በየሙከራው ሳይለወጥ፣ አንዱ ሙከራም በሌላው ላይ ተጽዕኖ ሳያደርግ ሲቀር ይሠራል። የእኛ ተማሪ ይህን ሁሉ ያሟላል። ለምሳሌ በትክክል 12 የሚያገኝበትን ዕድል ለማወቅ በመጀመሪያ አንድ የተወሰነ ሁኔታ እንውሰድ፤ የመጀመሪያዎቹን 12 ጥያቄዎች መታ፣ የቀሩትን 36 ሳተ። የዚህ ዕድል አንድ አራተኛ 12 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ ሦስት አራተኛም 36 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው እጅግ ኢምንት ቁጥር ነው። ግን የተመቱት 12 ጥያቄዎች የግድ የመጀመሪያዎቹ መሆን የለባቸውም። ከ48 ጥያቄ ውስጥ 12ቱን መምረጥ የሚቻልበት መንገድ 69,668,534,468 ነው። ኢምንቱ ቁጥር በዚህ ግዙፍ ቁጥር ሲባዛ 0.132 ይሆናል። እንግዲህ ከመቶ ገማቾች 13 ያህሉ በትክክል 12 ያገኛሉ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ውጤት ብቻ ነው። የእኛ ጥያቄ ግን 15 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ 15ን፣ 16ን፣ 17ን እያልን እስከ 48 ድረስ 34 እንዲህ ያሉ ስሌቶች ሠርተን መደመር ይኖርብናል። ዛሬ ኮምፒውተር በቅጽበት ይጨርሰዋል። በእጅ ለሚሠራ ሰው ግን የቀናት ሥራ ነው፤ የሙከራው ቁጥር ወደ ሺዎች ሲያድግ ደግሞ ከነአካቴው የማይሞከር ይሆናል።

የዛሬ 300 ዓመት ገደማ አብርሃም ደ ሟቭር የተባለው ሰው የገጠመው ችግር ይኸው ነበር። ደ ሟቭር በ1667 በፈረንሳይ ተወለደ። ፕሮቴስታንት ስለነበረ ከአገሩ ተሰዶ ለንደን ገባ፤ ሂሳብ እያስተማረም ኖረ። የኒውተን ወዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1733 ለወዳጆቹ የምትታደል ጥቂት ገጾች ያላት ጽሑፍ በላቲን አሳተመ፤ በ1738 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ ስለ ዕድል በጻፈው መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ውስጥ አካተታት። የጽሑፏ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ ሙከራው ብዙ ሲሆን እያንዳንዱን ውጤት ለየብቻ ማስላት ቀርቶ አንዲት ለስላሳ መስመር ብቻ ማወቅ ይበቃል። ይህች መስመር ዛሬ ኖርማል ከርቭ የምትባለው፣ መሐሏ ከፍ ብሎ ግራና ቀኟ እኩል እየሰለለ የሚወርድ፣ ደወል የምትመስለው ኩርባ ናት።

ነገሩን በሥዕል ማየት ይቀላል። በወረቀት ላይ ከ0 እስከ 48 ያሉትን ውጤቶች ከግራ ወደ ቀኝ እንደርድርና በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አንድ ባር እናቁም። የባሩ ስፋት 1 ይሁን፤ ቁመቱ የውጤቱን ዕድል ያህል ይሁን። በ12 ላይ የቆመው ባር ከሁሉም ይረዝማል፤ ከእሱ ወዲህም ወዲያም ያሉት እያጠሩ ይሄዳሉ። ስፋታቸው 1 በመሆኑ የእያንዳንዱ ባር ስፍራ ከውጤቱ ዕድል ጋር እኩል ነው፤ የሁሉም ድምር ደግሞ 1 ይሆናል። አሁን ኩርባዋን በባሮቹ ላይ ብናሳርፍ የአናታቸውን አካሄድ ተከትላ ትሄዳለች። ባሮቹ ደረጃ ናቸው፤ ኩርባዋ ደረጃውን የምትሸፍን ዳገት ናት። ደ ሟቭር ያስተዋለው፣ ባሮቹን አንድ በአንድ ከመደመር ይልቅ በኩርባዋ ሥር ያለውን ስፍራ መለካት እንደሚበቃ ነው። የዚያ ስፍራ ልክ አንዴ ተሰልቶ በሠንጠረዥ ከተጻፈ ለፈተናም፣ ለሳንቲም ውርወራም፣ ለማንኛውም ያገለግላል።

ኩርባዋን በቦታዋ ለማቆም ሁለት ቁጥር ብቻ ያስፈልጋል። አንደኛው አማካዩ ነው፤ እሱን 12 ብለናል። ሁለተኛው ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚለካው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። የጥያቄውን ብዛት በመምታት ዕድል፣ የተገኘውን ደግሞ በመሳት ዕድል አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው። 48 በ0.25 ሲባዛ 12፣ 12 በ0.75 ሲባዛ 9፣ የ9 ስኩዌር ሩት 3። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዎቹን 48 ያደረግኋቸው ይህ ቁጥር ያለ ፍርፋሪ እንዲወጣ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። 15 ከአማካዩ በ3 ይበልጣል፤ 3 ደግሞ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። ሠንጠረዡን ስናይ ከአማካዩ ከአንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደ ቀኝ ያለው ስፍራ 0.1587 ነው ይለናል። ስለዚህ ከመቶ ገማቾች 16 ያህሉ 15 እና ከዚያ በላይ ያገኛሉ ብለን እንደመድማለን።

ስህተት ነው። 34ቱን ስሌቶች ሠርተን ብንደምር የምናገኘው 0.1999 ነው፤ ከመቶ 20 ያህል። ከመቶው አራት ተማሪዎች ጠፍተዋል። ኩርባዋ ይህን ያህል ሸፋፋ ሆና ነው እንዳይባል ከባሮቹ አናት ጋር ያላት መቀራረብ በዐይን የሚታይ ነው። የጠፋው ከሌላ ቦታ ነው።

የ15ን ባር ልብ ብለን እንየው። ስፋቱ 1 ነው ብለናል፤ መሐሉ በ15 ላይ ነው። ስለዚህ የሚጀምረው ከ14.5 ነው፤ የሚያልቀውም 15.5 ላይ። እኛ ግን የኩርባዋን ስፍራ መለካት የጀመርነው ከ15 ላይ ነው። ባሩን ከመሐሉ ሰንጥቀን የግራውን ግማሽ ጥለነዋል። የ15 ባር ዕድል 0.0767 ስለሆነ ግማሹ 0.038 ነው፤ የጠፉት አራት ተማሪዎች ማለት ይኸው ነው። 15 ያገኘ ተማሪ ግን በግማሽ አይቆጠርም። ወይ ገብቷል ወይ አልገባም፤ እኛ ደግሞ 15 እና ከዚያ በላይ ስላልን ሙሉ በሙሉ ገብቷል።

ስለዚህ መለካት ያለብን ከ14.5 ጀምሮ ነው። ማንም ዐሥራ አራት ተኩል ጥያቄ መልሶ አያውቅም፤ የሚመልስም የለም። ሆኖም የ15 ባር ግራ ጠርዝ ያለው እዚያ ነው። 14.5 ከአማካዩ በ2.5 ይርቃል፤ 2.5 ለ3 ሲካፈል 0.833 ነው። ሠንጠረዡ ከዚያ ወደ ቀኝ ያለው ስፍራ 0.2023 ነው ይላል። ከእውነተኛው 0.1999 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከሺህ ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም። 34 ስሌት በአንድ ማካፈልና በአንድ የሠንጠረዥ ንባብ ተተካ። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህችን የግማሽ እርምጃ ኮንቲኑይቲ ኮሬክሽን ይሏታል፤ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ በዝላይ የሚሄደውን ባር፣ ሳትቋረጥ ከምትሄደው ኩርባ ጋር የምታስታርቅ ናት።

የሚገርመው ደ ሟቭር ራሱ ግማሿን ዘሏት ነበር። የሰጠው ምሳሌ 3,600 ጊዜ የሚደጋገምና እኩል የመሆንና ያለመሆን ዕድል ያለው ሙከራ ነው፤ ሳንቲም 3,600 ጊዜ እንደመወርወር ያለ። አማካዩ 1,800 ነው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 30። ውጤቱ ከ1,770 ሳያንስ ከ1,830 ሳይበልጥ የሚቀርበት ዕድል 0.682688 ነው ብሎ ጻፈ። ከ1,770 እስከ 1,830 ሁለቱንም ጨምሮ ሲቆጠር ግን 61 ውጤት አለ፤ እሱ የለካው የኩርባ ስፋት 60 ነው። በሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት ሁለት ባሮች ግማሽ ግማሻቸው ተቆርጦ ቀርቷል። ከ1,769.5 እስከ 1,830.5 ቢለካ ኖሮ 0.6907 ያገኝ ነበር። በ3,600 ሙከራ እንኳ ያቺ ግማሽ ከሺህ ስምንት ያህል ታጎድላለች። ፈረንሳዊው ላፕላስ በ1812 ባሳተመው ትልቁ የፕሮባቢሊቲ መጽሐፉ ይህን ያውቅ ነበር፤ ከኩርባዋ ስፍራ ላይ የተቆረጡትን ግማሾች የምትመልስ አንዲት ተጨማሪ ቁራጭ በቀመሩ ውስጥ አኑሯል።

በተግባር ሰው የሚሳሳተው ግማሿን በመርሳት ብቻ አይደለም፤ ወደተሳሳተ አቅጣጫ በመጨመርም ነው። ፈተና ላይ የሚቀመጡ ተማሪዎች መቼ እንደሚደመር መቼ እንደሚቀነስ የሚነግር ዝርዝር ለመሸምደድ ሲታገሉ አይቻለሁ። ዝርዝሩ አያስፈልግም። በ15 ዙሪያ ያሉት ጠርዞች ሁለት ብቻ ናቸው፤ 14.5 እና 15.5። የሚጠየቀውም አንድ ነገር ነው፤ የ15 ባር ውስጥ ነው ውጭ? 15 እና ከዚያ በላይ ከተባለ ባሩ ውስጥ ስለሆነ ከ14.5 ወደ ቀኝ እንለካለን። ከ15 የበለጠ ከተባለ 15 ራሱ አይገባም፤ ከ15.5 ወደ ቀኝ እንለካለን። ከ15 ያልበለጠ ከተባለ ባሩ ይገባልና ከ15.5 ወደ ግራ፤ ከ15 ያነሰ ከተባለ አይገባምና ከ14.5 ወደ ግራ። በትክክል 12 ቢባል ደግሞ ከ11.5 እስከ 12.5 ያለውን እንለካለን፤ 0.132 ይሰጠናል፤ ከላይ በረጅሙ ስሌት ያገኘነው ያው ቁጥር ነው። ያለ ግማሿ ይህኛው ጥያቄ ጭራሽ መልስ የለውም፤ ከ12 እስከ 12 የሚለካ ስፍራ ዜሮ ነውና።

ሌላም ወጥመድ አለ። እያንዳንዱ ጥያቄ 2 ነጥብ የሚይዝ ቢሆን ውጤቶቹ 0፣ 2፣ 4 እያሉ በሁለት በሁለት ይዘላሉ። የባሩ ስፋት 2 ይሆናል፤ ግማሹም 1። 30 ነጥብ እና ከዚያ በላይ ሲባል መለካት ያለብን ከ29 ነው እንጂ ከ29.5 አይደለም። የሚጨመረው የዝላዩ ግማሽ ነው፤ ሁልጊዜ ግማሽ ነጥብ አይደለም። ዝላይ የሌለበት ነገር፣ ለምሳሌ የተማሪዎቹ ቁመት ወይም ፈተናውን ለመጨረስ የፈጀባቸው ጊዜ ሲሆን ደግሞ የሚጨመር ነገር የለም።

እስካሁን ኩርባዋ ታማኝ ሆና ታየች። አሁን ትንሽ እናስጨንቃት። በአገራችን ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት ተጠይቋል። ብሔራዊው ፈተና ብዙ ትምህርቶችን የያዘ ስለሆነ ከእኛ ምሳሌ ጋር አንድ አይደለም፤ መስፈርቱን ብቻ እንዋሰው። ከ48 ጥያቄ ግማሹን፣ ማለትም 24 እና ከዚያ በላይ፣ በጭፍን ግምት ብቻ የሚያገኝ አለ?

በኩርባዋ እንሥራው። ጠርዙ 23.5 ነው፤ ከአማካዩ በ11.5 ይርቃል፤ ለ3 ሲካፈል 3.83። ከዚያ ወደ ቀኝ ያለው ስፍራ 0.000063 ያህል ነው፤ ከ100,000 ገማቾች 6 ገደማ። ባሮቹን ብንደምር ግን 0.000166 ይመጣል፤ ከ100,000 17 ገደማ። ግማሿ እያለች እንኳ ኩርባዋ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ተሳሳተች። በሌላው ጫፍ ደግሞ የባሰ ነው። ሁሉንም 48 የሚስት፣ ዜሮ የሚያገኝ ገማች፣ ከሚሊዮን አንድ ብቻ ነው። ኩርባዋ ግን ለእሱም ከ100,000 6 ትሰጠዋለች፤ ከእውነቱ 60 እጥፍ በላይ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኩርባዋ ግራና ቀኟ እኩል ነው፤ 24 ከ12 የሚርቀውን ያህል 0ም ከ12 ይርቃልና ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዕድል ታድላለች። ባሮቹ ግን እኩል አይደሉም። የመምታት ዕድል ከአራት አንድ ሲሆን በግራ በኩል 12 ደረጃ ብቻ ወርዶ ግድግዳ ይገጥማል፤ ከዜሮ በታች ውጤት የለም። በቀኝ በኩል ግን 36 ደረጃ ሜዳው ክፍት ነው። ስለዚህ የቀኙ ጭራ ይረዝማል፤ የግራው ያጥራል። በሳንቲም ውርወራ፣ ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ በሆነበት፣ ይህ መዛነፍ የለም። ዕድሉ ከግማሽ እየራቀ በሄደ መጠን ግን መዛነፉ ይብሳል፤ ሙከራው ሲበዛ ደግሞ ይቀንሳል።

መዛነፉ ድንገት የሚመጣ አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ ነው የሚያድገው። 15 እና ከዚያ በላይ ስንል ኩርባዋ 20.2 በመቶ አለች፤ እውነቱ 20.0 ነው። 18 እና ከዚያ በላይ ብንል 3.3 በመቶ ትላለች፤ እውነቱ 3.7 ነው። 24 ላይ ስትደርስ ትወድቃለች። ከአማካዩ እስከ ሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ድረስ ብዙም አታሳፍርም፤ ከሦስት በኋላ ግን የምትናገረው ልማዷን ነው እንጂ የእኛን ባሮች አይደለም።

የመማሪያ መጻሕፍት ኩርባዋን መቼ መጠቀም እንደሚቻል አንድ መመዘኛ ይሰጣሉ። የሚጠበቀው የመምታት ብዛትም የመሳት ብዛትም ቢያንስ 5 ይሁን ይላሉ፤ ጠንቃቆቹ 10 ይላሉ። በእኛ ምሳሌ 12 እና 36 ስለሆኑ ጠንቃቆቹንም ያሟላል። ያም ሆኖ ጫፉ ላይ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምን ቀረው። እኔ ይህን መመዘኛ የማየው ለመካከለኛው ስፍራ እንደተሰጠ ፈቃድ ነው፤ ለጫፎቹ አይሠራም። ችግሩ ደግሞ ሰዎች ኩርባዋን የሚፈልጓት ብዙ ጊዜ ለጫፎቹ መሆኑ ነው። ይህ ልጅ ኮርጇል ወይስ አልኮረጀም፣ ይህ ውጤት በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ክርክር የሚነሳው ሩቅ ባለ ውጤት ላይ ነው። ከ100,000 6 እና 17 ሁለቱም ብርቅ ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻላል። አንድ ሚሊዮን ገማቾች ካሉ ግን 60 እና 170 ሆነው ይመጣሉ፤ 110 ያህል ንጹሕ ሰዎች በመሐል አሉ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ስሌቱ ሁሉ የቆመው ተማሪው በእውነት በጭፍን ሞላ በሚለው ላይ ነው። ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ የማይሆን መሆኑን በየጥያቄው ለይቶ ቢጥል የመምታት ዕድሉ ከአራት አንድ ወደ ከሦስት አንድ ያድጋል። አማካዩ 16፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3.27 ይሆናል። ያኔ 24 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ አንድ አካባቢ ይደርሳል፤ ከ100,000 17 የነበረው ከ1,000 ተሻግሮ። እዚህ ላይ ግማሿም ኩርባዋም ያላቸው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ዋናው የተሳሳተ ዕድል ይዞ መነሳት ነው።

ኮምፒውተር ባሮቹን በቅጽበት በሚደምርበት ዘመን ኩርባዋ ለምን ታስፈልጋለች? ለአንድ ውሱን ቁጥር ከሆነ አታስፈልግም። በኤክሴል ሁለቱንም መሥራት ይቻላል፤ የመጀመሪያው መስመር ባሮቹን ይደምራል፣ ሁለተኛው ኩርባዋን ይለካል፦

```
=1-BINOM.DIST(14,48,0.25,TRUE)
=1-NORM.DIST(14.5,12,3,TRUE)
```

የመጀመሪያው 0.1999፣ ሁለተኛው 0.2023 ይሰጣል። በመጀመሪያው መስመር 14 የተጻፈው በስህተት አይደለም። ቀመሩ ከ0 እስከ 14 ያሉትን ባሮች ደምሮ ከ1 ይቀንስልናል፤ የሚቀረው ከ15 ጀምሮ ያለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 15 ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ግማሽ ሳይሆን ሙሉው የ15 ባር ይጠፋና መልሱ 0.1232 ሆኖ ቁጭ ይላል። ኮምፒውተሩ አይቃወምም።

ኩርባዋ አሁንም የምትበልጠው ገና ያልተሠራ ነገር ሲታቀድ ነው። ፈተና የሚያወጣ መምህር፣ በግምት የሚያልፈውን ሰው ለመቀነስ ስንት ጥያቄ ላውጣ ቢል ባሮቹ አይመልሱለትም፤ ኩርባዋ ግን በወረቀት ጠርዝ ላይ ትመልስለታለች። ጥያቄዎቹን በአራት እጥፍ አድርጎ 192 ቢያወጣ አማካዩ በአራት እጥፍ አድጎ 48 ይሆናል፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ግን በሁለት እጥፍ ብቻ አድጎ 6 ላይ ይቆማል። ከ48 ጥያቄ 15 ማግኘት ከ192 ጥያቄ 60 ከማግኘት ጋር በመቶኛ እኩል ነው። የ60 ጠርዝ 59.5 ነው፤ ከ48 በ11.5 ይርቃል፤ ለ6 ሲካፈል 1.92። ከዚያ በላይ ያለው ስፍራ 3 በመቶ ገደማ ነው። በአጭሩ ፈተና ከአምስት ገማቾች አንዱ ይደርስበት የነበረው ውጤት በረጅሙ ፈተና ከ36 ገማቾች አንዱ ብቻ የሚደርስበት ሆነ ማለት ነው። ይህን ከባሮቹ ለማየት አንድ በአንድ እየደመሩ መሞከር ነበረብን፤ ከኩርባዋ ግን በሁለት መስመር ታየ።

እንዲህ ያለ ስሌት ቀርቦላችሁ ብታገኙ ሁለት ነገር ፈትሹ። የተለካው ከሙሉ ቁጥር ላይ ከሆነ ግማሿ ተረስታለች፤ ሠሪውን ጠይቁት። ውጤቱ ከአማካዩ ከሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ የሚርቅ ከሆነ ደግሞ ግማሿ ብትኖርም ኩርባዋን አትቀበሉ፤ ባሮቹ እንዲደመሩ ጠይቁ።